የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ቪው በአማካይ አይወጣም፦ ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ሲዞር የከረመው ጽሑፍ በራሱ ቃል የሚለው ይህን ነው፦

«ያለፉትን ሩብ ዓመታት የእድገት መቶኛ ደምራችሁ አካፍሉ። የወጣውን አማካይ በመጨረሻው ሩብ ዓመት ቪው ላይ ጨምሩበት። የሚቀጥለው ሦስት ወር ቪው እሱ ነው።»

«የ12 ወር ዳታ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ያረጀ ነው።»

«የጠቅላላ ቪው ግራፋችሁ ላይ መስመር አስምሩ። አር ስኩዌሩ ከ0.9 በላይ ከሆነ ትንበያው አስተማማኝ ነው፤ በእሱ ቃል መግባት ትችላላችሁ።»

«ትንበያው ከሳተ ጥፋቱ የአልጎሪዝሙ ነው። ቪው ቪው ነው፤ ቁጥር አይዋሽም።»

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የአክስቴ ልጅ የዩቲዩብ ቻናል አላት። የጾም ምግብ፣ የገጠር ሙያ፣ አንዳንዴ የመንዝና የአንኮበር ጉዞ ትሠራለች። ቪዲዮው የሷ ነው፣ የቁጥሩን ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ። ጽሑፉን መጀመሪያ ሳየው ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ያላለፍኩት ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን ይዞ ስለመጣ ነው። እሱም ቻናል አለው። በጽሑፉ መንገድ አስልቶ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት 240 ሺህ ቪው አውጥቷል፣ ያንን ቁጥር ደግሞ ከአንድ የሱቅ ባለቤት ጋር ሊፈራረም ባዘጋጀው ወረቀት ላይ ጽፎታል። ካልደረሰ ብሩን ይመልሳል። «ጋሼ፣ አር ስኩዌሩ 0.97 ነው» አለኝ። ልጁ ቀልድ አያውቅም፣ ሰርቶ አዳሪ ነው፣ ብሩንም ማይክና መብራት ሊገዛበት አስቧል። ስለዚህ ነገሩ የወሬ ክርክር አይደለም፤ የሰው ኪስ አለበት።

መጀመሪያ ጽሑፉ ትክክል የሆነበትን ልናገር። ከግምት ይልቅ ዳታ ተመልከቱ ማለቱ ልክ ነው። በወር ሳይሆን በሩብ ዓመት ማየቱም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ለትንሽ ቻናል ወር በጣም ይዋዥቃል። ብዙ ቪዲዮ ላለው፣ አብዛኛው ተመልካች በፍለጋ ለሚመጣለትና አንድም ቪዲዮ ለብቻው ላልገነነበት ቻናል ደግሞ የጽሑፉ ስሌት ብዙም ላይስት ይችላል። ችግሩ እኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ቻናል ያላቸው ሰዎች ጥቂት መሆናቸው ነው።

ስለ አማካዩ

የራሳችንን ደብተር ልግለጥላችሁ። ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ፣ ሾርትሱንም አውጥቼዋለሁ፤ ለምን እንዳወጣሁት ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። የዩቲዩብ ስቱዲዮ ዳታውን በፈረንጅ ወራት ስለሚቆርጠው እኔም ሩብ ዓመቱን በእሱ ነው የምቆጥረው።

በ2024 መጀመሪያው ሩብ ዓመት 93 ሺህ ቪው ነበረን። ሁለተኛው 104 ሺህ። ሦስተኛው ዘሎ 200 ሺህ ገባ። አራተኛው 146 ሺህ ላይ ወረደ። እድገቱ በመቶኛ ሲሰላ 12 ጨመረ፣ ከዚያ 92 ጨመረ፣ ከዚያ 27 ቀነሰ። ሦስቱን ደምራችሁ ስታካፍሉ 26 በመቶ ይመጣል። በጽሑፉ መንገድ የ2025 መጀመሪያ ሩብ ዓመት 184 ሺህ መሆን ነበረበት ማለት ነው።

እስቲ ቆም ብለን እንየው። ከ93 ሺህ ተነስተን በየሩብ ዓመቱ 26 በመቶ ብናድግ ሦስት እርምጃ ስንሄድ የት እንደርሳለን? 186 ሺህ። የደረስነው ግን 146 ሺህ ላይ ነው። ማለትም አማካዩ ወደፊት ያለውን ቀርቶ ያለፈውን እንኳን መልሶ መናገር አልቻለም። ለምን ብትሉ፣ የመቶኛ ጭማሪና ቅናሽ እኩል አይመዝኑም። ከ100 ወደ 200 መውጣት 100 በመቶ ነው፤ ከ200 ወደ 100 መመለስ 50 በመቶ ብቻ። ወጥታችሁ ወደነበራችሁበት ስትመለሱ አማካዩ «በየጊዜው 25 በመቶ አድጋችኋል» ይላችኋል። ቆማችሁ ሳለ ማለት ነው። ሲዋዥቅ የኖረ ቻናል ባለቤት ሁሉ በዚህ ስሌት አዳጊ ነው።

ይህንን ማረም ቀላል ነው። መነሻና መድረሻውን ብቻ ወስዳችሁ በየእርምጃው ስንት እንደሚደርስ ብታወጡ 16 በመቶ ይሆናል። በእሱ ትንበያው 169 ሺህ ይሆናል። የተሻለ ነው፣ ግን እሱም ስህተት ነው፣ ምክንያቱም እውነተኛው ችግር ከስሌቱ በፊት ያለ ነው። ያ 200 ሺህ ከየት መጣ?

ከአንድ ቪዲዮ ነው የመጣው። የአክስቴ ልጅ መንዝ ሄዳ በርኖስ ሲሠራ ቀርጻ ነበር። የጥቁር በጉ ጸጉር ሲፈተል፣ ሲሸመን፣ አንዲት እናት እንዝርቷን ሳታቆም ስትጫወት። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ለቀቀችው። በሦስት ወር ውስጥ ያ አንድ ቪዲዮ ብቻውን 110 ሺህ ቪው አመጣ። በአራተኛው ሩብ ዓመት ደግሞ 50 ሺህ። አሁን እነዚህን አውጥታችሁ ሩብ ዓመቶቹን መልሳችሁ እዩአቸው፦ 93፣ 104፣ 90፣ 96። ሌላ ቻናል አይመስልም? የዘለለ ነገር የለም። እንዲያውም ሦስተኛው ላይ ወርዷል። የወረደበትም ምክንያት አለው፣ ዐቢይ ጾም ስላለፈ ነው፣ እሱን ለየብቻ እነግራችኋለሁ።

የመንዝ ገበሬ አንድ ዓመት በልጉ ስለሰመረለት የሚቀጥለውን ዓመት እህል አስቀድሞ አይሸጥም። እኛ ግን በአንድ ቪዲዮ ይህንኑ እናደርጋለን።

እኔ የማደርገው ጠቅላላውን ቁጥር ሳይሆን ክፍሎቹን ለየብቻ መተንበይ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ Advanced mode ትገባላችሁ፣ የሩብ ዓመቱን ቀን ትመርጣላችሁ፣ ቪዲዮዎቹን በቪው ብዛት ትደረድራላችሁ፣ ፋይሉን ታወርዳላችሁ። ከዚያ የገነነውን ቪዲዮ ለብቻ ታወጣላችሁ፣ በወቅት የሚታዩትን ለብቻ፣ የቀረውን ለብቻ። ሥራው ያን ያህል አይከብድም፣ እኔ አንድ ከሰዓት ይበቃኛል።

የገነነ ቪዲዮ አወራረድ የራሱ ጠባይ አለው። የበርኖሱ ቪዲዮ በየወሩ ያመጣው በሺህ 52፣ 34፣ 24፣ ከዚያ 19፣ 17፣ 14 ነው። መጀመሪያ በጣም ይወድቃል፣ ከዚያ አወዳደቁ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ «በየሩብ ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል» ብሎ መነሳትም ይስታል። እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ዲሴምበር ላይ በነበረበት 14 ሺህ ቢቆይ ሦስት ወሩ 42 ሺህ ነው። በየወሩ 20 በመቶ እየወረደ ቢሄድ 27 ሺህ። መሃል ላይ ትንሽ ወደ ታች አጋድዬ 32 ሺህ ያዝኩ።

ስለ 12 ወሩ

12 ወር ማለት አራት ሩብ ዓመት ነው። አራት ሩብ ዓመት ማለት እያንዳንዱን ወቅት አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ካያችሁት ቪዲዮዎቻችሁ ስላደጉ ይሁን ወቅቱ ስለሆነ መለየት አትችሉም። ይሄ የሒሳብ ጉብዝና ጉዳይ አይደለም፤ መረጃው ውስጥ የለም።

የእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባት። ፋሲካ ትንቀሳቀሳለች፣ የስቱዲዮ ሩብ ዓመት ግን አይንቀሳቀስም። የጾም ምግብ የምትሠሩ ወይም መዝሙር የምትለቁ ሰዎች ይህን በደንብ አስተውሉት። በ2016 ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነበር። በፈረንጅ ማርች 11፣ 2024። ስለዚህ ከ55ቱ የጾም ቀናት 21ዱ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሲወድቁ 34ቱ በሁለተኛው ወደቁ። በ2017 ግን ጾሙ የካቲት 17 ገባ፣ ፌብሩዋሪ 24፣ 2025 ማለት ነው። ያን ጊዜ 36ቱ በመጀመሪያው፣ 19ኙ በሁለተኛው ሆኑ።

እኛ ዘንድ የስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ የሽሮው ቪዲዮ በጾሙ ቀናት በቀን ወደ 600 ቪው ያመጣል። በሌላው ጊዜ ያን ያህል አይታይም። በሌሎቹ አጽዋማትም ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን እንደ ዐቢይ ጾም አይደለም፣ ስለዚህ ከመደበኛው ጋር ትቼዋለሁ። 21 ቀን በ600 ሲባዛ 13 ሺህ ገደማ ነው። 36 ቀን በ600 ደግሞ 22 ሺህ ገደማ። ምንም አዲስ ነገር ሳንሠራ፣ አንድም ተመልካች ሳይጨመርልን፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት በ9 ሺህ ቪው ከፍ ይላል፤ ሁለተኛው በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው ማርች መጨረሻ ላይ ይደሰታል፣ ጁን መጨረሻ ላይ «ቻናሉ ሞተ» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ስሜቶች የመጡት ከባሕረ ሐሳብ ነው እንጂ ከቻናሉ አይደለም።

አሁን የ2024ን ቁጥር በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል። የጾሙን ቪው ከ93ና ከ104 ላይ አንሱ፣ የበርኖሱን ደግሞ ከ200ና ከ146 ላይ። የሚቀረው መደበኛው ነው፦ 80፣ 84፣ 90፣ 96 ሺህ። በየሩብ ዓመቱ 6 በመቶ ገደማ የሚያድግ ጸጥ ያለ ቻናል። እውነተኛው ቻናላችን እሱ ነበር። 26 በመቶ ያደገው ቻናል በስሌት ብቻ ነው የኖረው።

«እንግዲያውስ ወደ ኋላ እንሂድ፣ ሦስትና አራት ዓመት እንውሰድ» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ጽሑፉ ግማሽ እውነት አለው፣ አሮጌ ዳታ ሁሉ አይጠቅምም። ግን ምክንያቱ ዕድሜው አይደለም። 2015ን አስታውሱ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ዩቲዩብን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች አገር ውስጥ ተገድበው ነበር። ያ እንደተነሳ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የአክስቴ ልጅ ቪዲዮ ለመጫን ፍላሽ ይዛ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ የሄደችበት ጊዜ ነበር። ያኔ የወረደው ቪው ስለ ቪዲዮዎቿ ምንም አይናገርም። ሲመለስ የወጣው ቪውም እድገት አይደለም፣ የተዘጋ በር መከፈት ነው። ያንን ዓመት ስሌት ውስጥ የሚያስገባ ሰው ሳያውቀው ኔትወርክን ነው የሚተነብየው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ እንዲህ ያሉ ወራትን በቀይ አከብባቸዋለሁ። አልሰርዛቸውም፣ ግን በእነሱ ላይ መስመር አላሰምርም።

ስለ አር ስኩዌሩ

ልጁን ያሳመነው ይሄኛው ነው። ለእኔም ከሁሉ ያስቆጨኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሳይንስ ይመስላል።

አር ስኩዌር የሚነግራችሁ መስመሩ ያለፉትን ነጥቦች ምን ያህል እንደተጠጋ ነው። ያለፉትን። ወደፊት ስለሚሆነው አይናገርም። ከዚያም ይብሳል፣ ምክንያቱም ጽሑፉ መስመሩን አስምሩ የሚለው በጠቅላላ ቪው ላይ ነው፣ ማለትም ቻናሉ ከተከፈተ ጀምሮ እየተደመረ በሚሄደው ቁጥር ላይ። ያ ቁጥር በተለመደው ሁኔታ አይወርድም። የታየ ቪዲዮ ተመልሶ ያልታየ አይሆንም። ስለዚህ ቻናሉ ቢያድግም ቢታመምም መስመሩ ወደ ላይ ነው፣ አር ስኩዌሩም አብዛኛውን ጊዜ ያምራል።

በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ በእኛው ዳታ ሞክሩት። አንደኛው ዓምድ ላይ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምራችሁ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ጻፉ። ሁለተኛው ላይ እየተደመረ የሚሄደውን፦ 93፣ 197፣ 397፣ 543። ሦስተኛው ላይ የየሩብ ዓመቱን ለየብቻ፦ 93፣ 104፣ 200፣ 146። ከዚያ ይህን ጻፉ፦

```
=RSQ(B2:B5, A2:A5)
=RSQ(C2:C5, A2:A5)
```

የመጀመሪያው 0.99 ይሰጣችኋል። ሁለተኛው 0.46። ዳታው አንድ ነው፣ ቻናሉ አንድ ነው፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። የተለየው መደመራችን ብቻ ነው። በጽሑፉ መለኪያ የመጀመሪያው «ቃል ግቡበት» ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ወድቋል። አንድ መለኪያ በአንድ ዳታ ላይ ሁለቱንም ካለ አስተማማኝነትን እየለካ አይደለም።

ታዲያ ትንበያ የሚታመን መሆኑ በምን ይታወቃል? የማውቀው ቀላል መንገድ መደበቅ ነው። የመጨረሻውን ሩብ ዓመት በእጃችሁ ሸፍኑት። ከእሱ በፊት ባለው ብቻ አስሉ። ከዚያ እጃችሁን አንሡና ምን ያህል እንደሳታችሁ እዩ። ይህን በአንድ ሳይሆን በተቻለ መጠን በብዙ ሩብ ዓመት ላይ ድገሙት።

የጽሑፉን መንገድ በዚህ ልፈትነው። የ2024ን አራተኛ ሩብ ዓመት ልሸፍን። ከእሱ በፊት ያሉት እድገቶች 12 እና 92 ናቸው፣ አማካያቸው 52 በመቶ። 200 ሺህ ላይ 52 በመቶ ሲጨመር 304 ሺህ። እጄን ሳነሣ ያለው 146 ሺህ ነው። ከዕጥፍ በላይ ስቷል። ጸሐፊው ጽሑፉን ከመልቀቁ በፊት ይህን አንድ ፈተና በራሱ ዳታ ቢሞክር ኖሮ፣ መቼም ሐቀኛ ሰው ይመስለኛል፣ «ቃል ግቡበት» የሚለውን መስመር ያነሳው ነበር።

ከዚህ ጎን ሁሌ አንድ ሰነፍ ትንበያ አስቀምጣለሁ። «የሚቀጥለው እንዳለፈው ይሆናል» የሚል። በእሱ ትንበያው 200 ሺህ ነበር። እሱም ስቷል፣ ግን በ54 ሺህ። የጽሑፉ መንገድ የሳተው በ158 ሺህ ነው። ምንም ካለማሰብ የባሰ ስሌት ለምን ይሰላል?

የእኔንም መንገድ በዚሁ ሚዛን ላስቀምጠው፣ ሌላውን ብቻ መፈተን አግባብ አይደለም። ለ2025 መጀመሪያ ሩብ ዓመት የያዝኩት እንዲህ ነበር። መደበኛው 96 ሺህ በ6 በመቶ አድጎ 102 ሺህ፣ በርኖሱ 32 ሺህ፣ ጾሙ 22 ሺህ። ድምር 156 ሺህ። የሆነው 151 ሺህ ነው። በ5 ሺህ ብቻ ሳትኩ፤ የጽሑፉ መንገድ በ33 ሺህ። እዚህ ላይ ባቆም ጎበዝ እመስል ነበር፣ ግን እውነቱ ሌላ ነው። ክፍሎቹን ለየብቻ ስመለከት መደበኛው 94 ሺህ ብቻ ሆኗል፤ የአክስቴ ልጅ ታማ ሦስት ሳምንት ቪዲዮ አልለቀቀችም። በርኖሱ 30 ሺህ ሆነ። ጾሙ ደግሞ ካሰብኩት በልጦ 27 ሺህ። አንዱ ሲጎድል ሌላው ሞላው። ድምሩ የተጠጋው ስህተቶቹ ስለተካካሱ ነው። ደግሞም ያ ሰነፉ ትንበያ 146 ሺህ ይል ነበር፣ እሱም የሳተው በ5 ሺህ ነው። በዚያ ሩብ ዓመት ከሰነፉ አልበለጥኩም።

ታዲያ መክፈሉ ምን ጠቀመ? የትኛው ክፍል እንደሚሰበር አስቀድሞ ያሳያል። መደበኛው በሷ ጤናና በምትለቀው ብዛት ላይ ይቆማል። የጾሙ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይቆማል፣ እሱን መቁጠር እችላለሁ። የበርኖሱ በዩቲዩብ ምርጫ ላይ ነው ያለው፣ እሱን መቁጠር አልችልም። አንድ ቁጥር ብቻ ይዤ ብቆይ ግን ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ እንኳን አላውቅም ነበር።

ከመደበቅ ፈተናው የሚገኘው ትልቁ ነገር ግን ስፋት ነው። ባለፉት ሙከራዎቼ በአብዛኛው እስከ 20 በመቶ እስታለሁ። የምተነብየው እድገት ደግሞ 6 በመቶ ነው። ስህተቱ ከእድገቱ በሦስት ዕጥፍ ይበልጣል። ያ ማለት በሐቅ ስናገር ቻናሉ ይወጣ ይሁን ይውረድ እንኳን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ማለት የምችለው «ከ125 እስከ 187 ሺህ መሃል ይሆናል» ብቻ ነው። ለሱቅ ባለቤት ይህ ቁጥር አይጥምም፣ አውቃለሁ። ግን ያለው እሱ ነው።

ስለ አልጎሪዝሙ

አልጎሪዝሙ ይቀየራል፣ ቻናልም ሊጥል ይችላል፣ ይህን አልክድም። ግን ሁሉን ነገር ለእሱ ከሰጠነው ምንም አንማርም። እስካሁን ያየናቸው ስህተቶች፣ የመቶኛው አማካይ፣ አንዱ ቪዲዮ፣ የጾሙ ቀናት፣ አንዳቸውም የአልጎሪዝም ጥፋት አይደሉም።

«ቪው ቪው ነው» ለሚለው ደግሞ ቀን ያለው መልስ አለ። ከማርች 31፣ 2025 ጀምሮ ዩቲዩብ የሾርትስን ቪው የሚቆጥርበትን መንገድ ቀየረ። ከዚያ በፊት ሾርትስ እንደታየ የሚቆጠረው ተመልካቹ ለተወሰነ ጊዜ ሲቆይ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጫወት በጀመረ ወይም እንደገና በዞረ ቁጥር ይቆጠራል፣ ሰውየው ወዲያው ገፍቶ ቢያልፈውም። የቀድሞው ቆጠራ አልጠፋም፣ ስቱዲዮ ውስጥ Engaged views በሚል ስም ለብቻው ተቀምጧል።

ቀኑን ልብ በሉት። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት የመጨረሻ ቀን ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሩብ ዓመት ሙሉ በሙሉ በአዲሱ ቁና ተሰፈረ፣ ከእሱ በፊት ያለው በሙሉ ማለት ይቻላል በአሮጌው። የእኛ ሾርትስ ማርች ላይ 40 ሺህ ነበር፣ ኤፕሪል ላይ 61 ሺህ ሆነ። የአክስቴ ልጅ ደስ ብሏት ደወለችልኝ። Engaged views ስንከፍት 41 ሺህ ነው። ሰው አልጨመረም፣ ቁናው ነው የሰፋው። ያንን ዝላይ እንደ እድገት ይዞ ወደፊት የሚያባዛ ሰው ከእውነት ይርቃል። ሾርትሱን ከላይ ካለው ስሌት ያወጣሁትም ለዚህ ነው። በሾርትስ የምትኖሩ ሰዎች ያንን ቀን የሚያቋርጥ ዳታ ካላችሁ ከቀኑ ወዲህ ላለው Engaged viewsን ብቻ ተጠቀሙ፣ ያኔ አሮጌውና አዲሱ በአንድ መስፈሪያ ይሆናሉ።

ልጁ ጋ ስንመለስ

ቅዳሜ ዕለት ብርዱ ስለነበር ጋቢያችንን ተከናንበን የእሱን ዳታ አብረን ከፈትን። መጀመሪያ ያየሁት ከቪዲዮዎቹ አንዱ ምን ያህሉን እንደያዘ ነበር። የጓሳ ጭላዳዎችን የቀረጸበት አንድ ቪዲዮ ካለፈው ሩብ ዓመት ቪው ከግማሽ በላይ ይዟል። እኔ አንድ ቪዲዮ ከሲሶ በላይ ከያዘ ጠቅላላውን ቁጥር መተንበይ አቆማለሁ። ሲሶ የምለው ከልምድ ነው፣ ሕግ አይደለም። ቀጥሎ ተመልካቹ ከየት እንደሚመጣ አየን። አብዛኛው Browse features ነው፣ ዩቲዩብ ራሱ ፊቱ ላይ እያቀረበለት የመጣ። በፍለጋ የሚመጣ ሰው ስለሚፈልገው ነው የሚመጣው፣ ነገም ሌላ ሰው ያንኑ ይፈልጋል። ቀርቦለት የመጣው ግን ማቅረቡ ሲቆም ይቆማል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥም ሊቆም ይችላል። ሦስተኛ፣ ያለው ዳታ አምስት ሩብ ዓመት ብቻ ነው። አራተኛ፣ ፈተና ስላለበት በሚቀጥለው ሦስት ወር የሚለቀው ቪዲዮ ካለፈው በግማሽ ያንሳል፤ ያለፈው ዳታ ደግሞ ይህን አያውቅም።

የመጨረሻውን ሩብ ዓመት ሸፍነን አሰላን። በጽሑፉ መንገድ በ70 በመቶ ሳተ። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ «እና ምን ልበለው?» አለኝ፣ ሱቁን ማለቱ ነው።

ወረቀቱን ወስደን 240 ሺህ ቪው የሚለውን ሰረዝነው። በቦታው እሱ በእጁ ያለውን ነገር ጻፍን፦ በሦስት ወር ስድስት ቪዲዮ፣ በእያንዳንዱ የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሱቁ ይጠቀሳል። ከስሩ የጭላዳውን ቪዲዮ ሳይጨምር ቪዲዮዎቹ በመጀመሪያ ወራቸው ያመጡትን ቪው ትንሹንና ትልቁን አሰፈርን፣ ቃል ኪዳን እንዳልሆነ ጽፈን። በ2018 ጾሙ የካቲት 9 ስለሚገባ፣ ከ55ቱ 44 ቀን እስከ ማርች መጨረሻ ያልፋል፤ ሱቁ የሚሸጠው ሽሮና ምስር ነው፣ ስለዚህ ከስድስቱ አራቱን ቪዲዮ በእነዚያ ቀናት ለመልቀቅ ተስማማን። ሰኞ ይዞላቸው ሄደ። ባለቤቱ ዋጋውን ትንሽ ቀንሰው ፈረሙ። ብር ይመለሳል የሚለውን አንቀጽ ራሳቸው ናቸው የሰረዙት።